የ21,000 ብሩ ደረሰኝ

የ2016 በጀት ዓመት የሰኔ 30 ሂሳባችንን ስንዘጋ፣ የጽሕፈት ዕቃ የሚያቀርብልን ድርጅት በላከው ስቴትመንት ላይ ቀሪ ዕዳችን 386,000 ብር ሲሆን፣ የእኛ የተከፋይ ሂሳብ መዝገብ ግን 407,000 ብር ይላል። አለቃዬ ሁለቱን ቁጥሮች አየና «ልዩነቱ 21,000 ብር ብቻ ነው፤ የ21,000 ብሩን ደረሰኝ ፈልጊና ጨርሺው» ብሎኝ ወደ ስብሰባ ገባ። እኔም ሞኝ ሆኜ ግማሽ ቀን ሙሉ የሌለ ደረሰኝ ስፈልግ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ መዝገቡንና ስቴትመንቱን ጎን ለጎን አድርጌ እያንዳንዱን መስመር ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ስቴትመንት ያልኩት በቴሌግራም የተላከ፣ የታችኛው ጠርዙ የተቆረጠ የወረቀት ፎቶ ነው። በዚያ ላይ ሽያጮቹ የተዘረዘሩት ከማሽን ደረሰኝ ጋር በሚያያዘው የዕቃ ዝርዝር ወረቀት፣ በአታችመንቱ፣ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ የእኛ መዝገብ ደግሞ አንዳንዱን በአታችመንት ቁጥር፣ አንዳንዱን በካሽ ሬጅስተሩ ደረሰኝ ላይ በሚወጣው ኤፍ.ኤስ. ቁጥር ይዞታል። ስለዚህ በቁጥር ማመሳከሩን ትቼ መዝገቡን በገንዘብ መጠን ደረደርኩት። ወዲያውኑ ሁለት 57,500 ብሮች፣ በሦስት ቀን ልዩነት፣ ተከታትለው ወጡ። አንደኛው የተመዘገበው ንብረት ክፍሉ ከዕቃው ጋር በላከው አታችመንት ነው፤ ሁለተኛው ግዥ ሠራተኛው ዘግይቶ ባመጣው የማሽን ደረሰኝ። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ላይ መያያዝ ሲገባቸው ተለያይተው ስለመጡ አንዱ ግዥ ሁለት ዕዳ ሆነ። ሶፍትዌሩ የሚያስጠነቅቀው ያው ቁጥር ሲደገም ስለሆነ ምንም አላለም። ይባስ ብሎ 7,500 ብር ቫትም በግብዓትነት ሁለት ጊዜ ተይዟል።

በስቴትመንቱ ላይ ኖሮ በእኛ መዝገብ የሌለ ደግሞ የ34,500 ብር ሽያጭ አገኘሁ። አቅራቢው ጽፎታል ብዬ ብቻ አልመዘገብኩትም፤ ንብረት ክፍል ወርጄ የዕቃ መረከቢያውን ጥራዝ አገላበጥኩ፤ ዕቃው በርግጥ ገብቷል፣ ፊርማም አለበት። ደረሰኙ የተገኘው በግዥ ሠራተኛው መኪና ውስጥ፣ ከነዳጅ ኩፖን ጋር ታጥፎ ነው።

የቀረው 2,000 ብር የእኛም ጥፋት አልነበረም። ከቫት በፊት 100,000 ብር የሆነ ሂሳብ ስንከፍል፣ በጊዜው በነበረው ሕግ 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ ታክስ ቀንሰናል፤ አቅራቢው ግን የዊዝሆልዲንጉ ደረሰኝ አልደረሰኝም ብሎ አሁንም እንደ ዕዳ ይዞታል።

እንግዲህ ከእኛ 407,000 ላይ 57,500 ሲቀነስና 34,500 ሲጨመር 384,000 ይመጣል፤ ከእነሱ 386,000 ላይ 2,000 ሲቀነስም ያው ነው። 21,000 ብር ማለት አንዱ ስህተት ሌላውን ሸፍኖት የተረፈው ነበር። ማስታረቂያውን አዘጋጅቼ ለፊርማ ሳቀርብ አለቃዬ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበና፣ «ታዲያ የ21,000 ብሩ ደረሰኝ የታለ?» አለኝ።