ማስተካከያ፦ ብር ጠነከረ ያልኩበት ስሌት

«ብር በሱዳን ፓውንድ ላይ 50 በመቶ ቢጠነክር፣ በዩሮ 4፣ በዩዋን 10 በመቶ ቢዳከም፣ በአማካይ 12 በመቶ ጠንክሯል ማለት ነው።» (ባለፈው የጻፍኩት ምሳሌ)

ስህተቱ የእኔ ነው። ሦስቱን ደምሬ ለሦስት አካፈልኩ። ትክክለኛው የምንዛሪ ኢንዴክስ ግን እያንዳንዱን ገንዘብ በንግድ ድርሻው ይመዝናል። ይህን ያረጋገጥኩት ከዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) የአሠራር ሰነድ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከንግዳችን 60 በመቶው ከቻይና፣ 30 ከአውሮፓ፣ 10 ከሱዳን ጋር ነው እንበል። ድርሻዎቹ ልክ እንደ ለውጦቹ የምሳሌ ናቸው። የየገንዘቡ ለውጥ በድርሻው ፓወር ይነሳና ሁሉም ይባዛሉ፦

0.90^0.6 × 0.96^0.3 × 1.50^0.1 ≈ 0.966

መነሻው 100 ከነበረ አሁን 96.6 ሆነ። ብር ጠነከረ ያልኩት 3.4 በመቶ ገደማ ተዳክሟል! ጎንደር ላይ ሆኖ የመተማን መንገድ ለሚያይ ሰው ፓውንዱ ትልቅ ይመስላል። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ግን ትንሽ ነው።

ጽሑፉን አይቶ «እንግዲህ ዕቃ ይረክሳል» ያለኝ የፒያሳ ነጋዴ ነበር። እሱ የሚያመጣው የቻይና ዕቃ ነው። በዚህ ምሳሌ በዩዋን ዋጋው ባይነካ እንኳ በብር 11 በመቶ ያህል ይወደድበታል። ደግሞም 96.6 የዋጋ ንረትን አይቆጥርም። እሱን የሚጨምረው እውነተኛ የሚባለው ኢንዴክስ ነው። የእኛ ዋጋ ከሸሪኮቻችን ፈጥኖ ከናረ፣ ያኛው ከዚህ ከፍ ብሎ ይታያል።