ማስተካከያ፦ የቁጠባውና የብድሩ ጥያቄ መልስ

ጥያቄ፦ «ሀ) በየዓመቱ መጀመሪያ 10,000 ብር በ10% ጥምር ወለድ ብቆጥብ በ3ኛው ዓመት መጨረሻ ስንት ይኖረኛል? ለ) 33,100 ብር በዚሁ ወለድ ተበድሬ በየዓመቱ መጨረሻ እኩል እየከፈልኩ በ3 ዓመት ብጨርስ፣ ክፍያው ስንት ነው?»

ቀደም ሲል ለ«ሀ» የተሰጠው 33,100 ብር ትክክል አይደለም፤ መልሱ 36,410 ብር ነው። የ«ለ» መልስ፣ 13,310 ብር፣ እንዳለ ይጸናል።

ስህተቱ የመጣው «መጀመሪያ» የሚለው ቃል በመታለፉ ነው። የመጀመሪያው ተቀማጭ 3 ዓመት ሙሉ ይወልዳል፤ የመጨረሻውም ቢሆን 1 ዓመት ይወልዳል። ስለዚህ ድርድሩ የሚነሳው ከ1 ሳይሆን ከ1.1 ነው፦

10,000(1.1 + 1.1² + 1.1³)

የመጀመሪያው አባል 11,000፣ የጋራ ውድሩ 1.1 ስለሆነ፦

S₃ = 11,000(1.1³ − 1) ÷ (1.1 − 1) = 11,000 × 3.31 = 36,410

የተሳሳተው ስሌት የመጨረሻውን 10,000 ብር ያለ ወለድ ትቶታል። ይህን ማየት ብቻ ስህተቱን ለመያዝ ይበቃ ነበር።

በብድሩ ግን ክፍያው በዓመቱ መጨረሻ ስለሆነ የመጨረሻው ክፍያ በእርግጥም ወለድ የለውም። ሁሉንም ወደ 3ኛው ዓመት መጨረሻ እናምጣ፤ ክፍያው x ይሁን፦

x(1 + 1.1 + 1.1²) = 33,100 × 1.1³
3.31x = 44,056.1
x = 13,310

ፈታኝ የሚወደው ማረጋገጫ ዕዳውን ዓመት በዓመት መከተል ነው፦

33,100 × 1.1 − 13,310 = 23,100
23,100 × 1.1 − 13,310 = 12,100
12,100 × 1.1 − 13,310 = 0