ዘንጉን ተዉት፣ መጀመሪያ ስንጥሩን ቁረጡ

«አንድ ቦታ በዘንግ ዙሪያ ሲዞር የሚወጣውን ቅርጽ ይዘት ለማስላት፣ ስለ y ዘንግ ከዞረ የሼል ዘዴ፣ ስለ x ዘንግ ከዞረ የዲስክ ዘዴ። ይቺን ብቻ ብይዝ ለፈተና አትበቃኝም?»

አትበቃም። እንዲያውም ይቺ ሕግ ጭራሽ ባትኖር ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ችግሯ ብዙ ጊዜ መሥራቷ ነው። መልመጃዎቹ አብዛኛውን ጊዜ y = f(x) ተብለው ስለሚጻፉ ሕጓ እውነት ትመስላለች። ጥያቄው ትንሽ መልኩን ሲቀይር ግን መሃል መንገድ ላይ ጥላችሁ ትሄዳለች።

እኔ የምለው የተገላቢጦሽ ነው። ዘንጉን ለጊዜው ርሱት። የሚዞረውን ቦታ ብቻ ሳሉና በላዩ ላይ አንድ ቀጭን ስንጥር ቁረጡ። ቀጥ ብሎ የቆመ ይሁን ወይስ የተጋደመ? መልሱ የሚገኘው ከቀመሮቹ ነው። የስንጥሩን ሁለት ጫፎች ምንም ሳትፈቱ በቀጥታ ማንበብ የምትችሉት በየትኛው በኩል ነው? እሱን ያዙ። ከዚያ በኋላ ዘንጉን ተመልከቱ። ስንጥሩ ዘንጉን በ90 ዲግሪ የሚገጥም ከሆነ ሲዞር ዲስክ ይሠራል፤ ከዘንጉ ራቅ ብሎ ከጀመረ ደግሞ መሃሉ ይቀደድና ሮንዴላ ይሆናል። ከዘንጉ ጋር ትይዩ ከሆነ ግን ግድግዳው የሳሳ ቧንቧ ይወጣዋል። ሼል የሚባለው እሱ ነው። ዘዴውን እናንተ አልመረጣችሁትም፤ ስንጥሩ ራሱ መረጠላችሁ።

በአንድ ምሳሌ እንየው። ከ y = 3x² − x³ በታች፣ ከ x ዘንግ በላይ፣ ከ x = 0 እስከ x = 3 ያለውን ቦታ ስለ y ዘንግ እናዙር። ኩርባው ከ0 ተነስቶ x = 2 ላይ 4 ከፍታ ይደርሳል፤ ከዚያ ወርዶ x = 3 ላይ መሬት ይነካል። ጉብታ በሉት።

ስንጥሩን አጋድመን እንሞክር። ግራ ጫፉም ቀኝ ጫፉም የሚያርፉት እዚያው አንድ ኩርባ ላይ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ከፍታ ሁለቱን x ማወቅ አለብን፤ ማለትም x³ − 3x² + y = 0ን መፍታት። y = 2 ሲሆን ዕድለኛ ነን፦ x = 1 እና x = 1 + √3 ይወጣል። y = 1 ስንል ግን ወደ 0.653 እና 2.879 የሚጠጉ፣ ምንም የማያምሩ ቁጥሮች ይመጣሉ። በአጠቃላይ ለመፍታት ኮሳይን ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። አይቻልም አልልም፤ ግን ማን ነው በፈተና ሰዓት እዚያ ውስጥ የሚገባው?

አሁን ስንጥሩን አቁሙት። ታችኛው ጫፍ 0፣ ላይኛው ጫፍ 3x² − x³። አለቀ። የቆመ ስንጥር ከ y ዘንግ ጋር ትይዩ ነው፤ ስለዚህ ሼል። ሬዲየሱ x፣ ቁመቱ 3x² − x³፣ ውፍረቱ dx።

V = 2π ∫₀³ x(3x² − x³) dx = 2π(243/4 − 243/5) = 24.3π

መልሱን ከማመናችሁ በፊት አንድ ነገር ተመልከቱ። ጉብታው በሙሉ ሬዲየሱ 3፣ ቁመቱ 4 በሆነ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። የዚያ ይዘት 36π ነው። 24.3π ከእሱ ያንሳል፤ ደህና ነው። ከ36π በላይ ቢወጣ ኖሮ አንድ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነበር።

እስካሁን ሕጓ ያሸነፈች ትመስላለች፤ y ዘንግ ነበር፣ ሼል ሆነ። እንግዲያው በ x = 2y − y² እና በ y ዘንግ መካከል ያለውን ቦታ ስለ x ዘንግ አዙሩት። ሕጓ ሮንዴላ ትላለች። ስንጥሩ ግን ተጋድሞ ነው የሚመቸው፤ ግራው 0፣ ቀኙ 2y − y²። የተጋደመ ስንጥር ከ x ዘንግ ጋር ትይዩ ስለሆነ አሁንም ሼል ነው፦ 2π ∫₀² y(2y − y²) dy = 8π/3። በሮንዴላ መሄድ የፈለገ መጀመሪያ y = 1 ± √(1 − x) ብሎ ይፈታል፤ ከዚያ ሁለቱን ስኩዌር አድርጎ ይቀንሳል። እሱም 8π/3 ጋ ይደርሳል፣ ትንሽ ላብ አፍስሶ።

ሁለቱ ዘዴዎች ሁሌ አንድ መልስ የሚሰጡት ለምንድን ነው የሚል ካለ፣ ሼል ራሱ ሮንዴላ ስለሆነ ነው። ውስጡ r፣ ውጪው R፣ ቁመቱ h የሆነ ሮንዴላ ይዘቱ π(R² − r²)h ነው። R² − r²ን (R + r)(R − r) ብላችሁ ዘርዝሩት። R − r ውፍረቱ ነው። R + r ደግሞ የአማካዩ ሬዲየስ እጥፍ ነው። ስለዚህ 2π × አማካይ ሬዲየስ × ቁመት × ውፍረት ሆነ፤ የሼል ቀመር ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ የትኛው ልኬት እጅግ እንደሚሳሳ ብቻ ነው። ቁመቱ ከሳሳ ሮንዴላ እንለዋለን፤ ግድግዳው ከሳሳ ሼል።

ከዚሁ ጋር አንድ የተለመደ ስህተት ላንሳ። R² − r² በሚጻፍበት ቦታ (R − r)² የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። R = 3፣ r = 2 ቢሆን ትክክለኛው 9 − 4 = 5 ነው፤ የተሳሳተው 1 ይሰጣል። ሥዕሉ ላይ ይታያል፦ የተቀደደው ቀዳዳ ከትልቁ ክብ ላይ ይነሳል እንጂ ሮንዴላው ወደ አንድ ትንሽ ክብ አይሰበሰብም።

እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዘንጉ ከቦታው ሲንቀሳቀስ የሚመጣው ስህተት ነው። ያንኑ ጉብታ አሁን x = 3 በሚለው ቋሚ መስመር ዙሪያ እናዙረው። ስንጥሩ አልተቀየረም፤ ቁመቱም ያው ነው። የተቀየረው ርቀቱ ብቻ ነው። ከስንጥሩ እስከ አዲሱ ዘንግ 3 − x ይሆናል፦

V = 2π ∫₀³ (3 − x)(3x² − x³) dx = 16.2π

x − 3 ብሎ የጻፈ ሰው −16.2π ያገኛል፤ ይዘት ኔጋቲቭ ስለማይሆን ወዲያው ይነቃል። በልማድ x ብሎ የተወው ግን 24.3π ያገኛል፣ ቁጥሩም ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ከ36π ስለሚያንስ የሲሊንደሩም ፍተሻ አይይዘውም። ሌላ ፍተሻ ያስፈልጋል። x እና 3 − x ሲደመሩ ሁሌም 3 ናቸው። ስለዚህ በሁለቱ ዘንጎች ዙሪያ የተገኙት ይዘቶች ሲደመሩ 2π × 3 × የጉብታው ስፋት መሆን አለባቸው። ስፋቱ 27 − 20.25 = 6.75 ነው፤ ድምሩ 40.5π ይሆናል። 24.3 እና 16.2 ሲደመሩ ልክ 40.5 ይመጣሉ። ሁለት ጊዜ 24.3 የደመረው ሰው ግን 48.6 ጋ ይደርስና ተመልሶ ሬዲየሱን ይፈልጋል።