«በዕለቱ ሬት» ማለት በማን ሬት ነው?

ዛሬ ጅማ መርካቶ ደርሼ መጣሁ፣ አሁንም እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። የፎቶ ኮፒ ማሽኔ ፊውዘር፣ ቀለሙን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ዕቃ፣ ሄዶብኝ ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ ጽሑፉ አልያዘም፣ በጣት ስትነኩት ቀለሙ ይረግፋል። ይሄ ደግሞ ተማሪዎቹ ሪሰርች አስጠርዘው በሚያስገቡበት ሳምንት ነው የሆነው። አንዷ ልጅ 90 ገጽ አውጥታ እጇ ላይ ሲጠፋ እንባ ቀረሽ ሆና ስታየኝ ቆመች።

እና ቴሌግራም ላይ ፊውዘር የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። «ኦሪጅናል፣ 300 ዶላር፣ ጅማ ድረስ ያለ ምንም ተጨማሪ፣ ክፍያ በብር በዕለቱ ሬት» ይላል። እኔ ደግሞ የባንኩን የዶላር መሸጫ አይቼ 150 ስለሆነ (ሳንቲሙን ልተወው) 45,000 ብር ነው ብዬ፣ ለክፉ ቀን ብዬ 2,000 ጨምሬ ሄድኩ።

ሰውዬው ካልኩሌተሩን አነሳና 54,000 አለኝ። እንዴት? ስለው «ሬቱ 180 ነው» አለ። ባንክ 150 ነው ስለው ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? ሱቁ ውስጥ አራት ሰው ቆሞ እያለ፣ ጮክ ብሎ፣ «እህት፣ ባንኩ ፊውዘር ይሸጣል እንዴ? ሂጂና ከባንክ ግዢ!» ሁሉም ሳቁ። አንዱ ሽማግሌ ብቻ አንገቱን ደፋ፣ እግዜር ይስጣቸው።

ዝም ብዬ ልወጣ ነበር ግን ያቺ ሳቅ አላስወጣችኝም። ረጋ ብዬ ጠየቅኩት። እሺ ጋሼ፣ 300ው ምን ምኑ ነው? አልኩት። እሱም ሊያስረዳኝ ፈልጎ በኩራት «ዕቃው ከውጭ 200 ነው የሚገባኝ፣ ሌላው 100 ቀረጥ፣ ቫት፣ ከሞጆ ማስጫኛ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ ትራንስፖርት፣ ትንሽ ትርፍ» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ጭንቅላቴ የበራው፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ የተናደድኩበት ዋናው ነገር እሱ ነው። ለ200ው አልከራከረውም። ባንክ ወረፋ ይዞ የሚፈልገውን ያህል ዶላር እንደማያገኝ አውቃለሁ፣ ነገ ሌላ ፊውዘር ሲያስመጣ ዶላሩን ከጥቁር ገበያ በ180 ሊገዛው ይችላል፣ ስለዚህ 200 ሲባዛ በ180፣ 36,000 ብር ይውሰድ። ካርቶኑ አቧራ ለብሷል፣ ገብቶ የቆየ ዕቃ ነው፣ ያም ይሁን። 100ው ግን ዶላር አይደለም! ጉምሩክ ቀረጥ የሚያስከፍለው በብር ነው፣ የዕቃውንም ዋጋ ወደ ብር የሚለውጠው በባንክ ሬት ነው። ሹፌሩ በብር ነው የሚከፈለው። ጫኝና አውራጁ ጥቁር ገበያ ዶላር አልጠየቀም። እንደኔ ግምት ሰውዬው ከነትርፉ ያሰበው 15,000 ብር ነው፣ ያንን ብር በ150 አካፍሎ 100 ዶላር አደረገው፣ ከዚያ እኔ ስመጣ በ180 አባዝቶ 18,000 ብር አደረገው። ብሩ በባንክ ሬት ገብቶ በጥቁር ገበያ ሬት ወጣ፣ መሀል ላይ 3,000 ብር ተወለደ። በትክክል ቢሰላ 36,000 እና 15,000፣ ማለትም 51,000 ነው፣ እሱም ለሱ በጣም አዝኜለት ነው።

ይሄንኑ ጠየቅኩት። «ቀረጡን ወደ ዶላር ስትለውጠው በስንት አካፈልከው?» አልኩት። ዝም አለ። ደገምኩት። «አንቺ ኢኮኖሚስት ነሽ ወይስ ፎቶ ኮፒ ነው የምትሠሪው? ትገዢያለሽ አትገዢም?» አለኝ። መልስ የለውማ። ልብ በሉ፣ በዶላር ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ይቺን አንዷን ጥያቄ ጠይቁት፣ በብር የተከፈለውን በስንት አካፍለህ ነው ዶላር ያደረግከው በሉት። በ180 አካፍሎ በ180 ካባዛው ምንም አልነካችሁም፣ ቁጥሩ ተመልሶ ያው 15,000 ነው። በ150 አካፍሎ በ180 ካባዛው ግን ተበልታችኋል።

ደግሞ ሌላው «ልዩነቱ 33 ብር ነው እኮ» የሚለው ሰው። ጎረቤቴ ሁልጊዜ እንዲህ ይላል። የባንኩን መግዣ 147 ይዞ ከጥቁር ገበያው መሸጫ 180 ጋር ያወዳድራል! ለዕቃ ገዢ የሚነጻጸረው መሸጫ ከመሸጫ ነው፣ 30 ነው። ሦስት ብር ትንሽ አይደለችም፣ በ300 ስትባዛ 900 ብር ናት፣ የአንድ ሳምንት አስቤዛ ናት።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አባቴ አጋሮ ቡና ይሸጣል። ሰብሳቢው ሲገዛው የውጭ ገበያ ወረደ፣ ላኪው ዶላሩን በባንክ ሬት ነው የሚመነዝረው፣ ከዚህ በላይ አያዋጣኝም ይለዋል፣ እውነትም ነው፣ የቡና ዶላር በባንክ ነው የሚገባው። እሺ፣ ዶላሯ የአባቴን ቡና ገዝታ ስትመጣ በባንኩ መግዣ 147 ናት፣ የሱ ልጅ ፊውዘር ስትገዛ 180 ሆነች። ያው ዶላር እኮ ነው! አባቴ በአንደኛው ሬት ሸጠ፣ እኔ በሌላኛው ሬት ገዛሁ፣ መሀሉን ማን እንደወሰደው ማንም አይነግረንም።

በ2016 ሐምሌ 22 ብሩ ሲለቀቅ ትዝ ይላችኋል? ባንኩ ከ57 ወደ 74 በአንድ ቀን ዘለለ። ያኔ ቶነር የምገዛበት ሰው ከዚያ በፊትም በጥቁር ገበያ፣ ከመቶ በላይ አስቦ ነበር የሚሸጥልኝ፣ «ባንክ ዶላር የለም» እያለ። ባንኩ ገና ወደሱ ሬት እንኳን ሳይደርስ «ዶላር ጨመረ» ብሎ እንደገና ጨመረብኝ። የቱ ዶላር ነው የጨመረው፣ አንተ መቼ በባንኩ ሸጥክልኝ? ስለው የዚያን ቀንም መልስ አላገኘሁም።

እና ገዛሁ። ምን ላድርግ፣ ልጆቹ እየጠበቁ ነው። እህቴን ደውዬ 7,000 በቴሌብር ላከችልኝ። ደረሰኝ ስጠኝ ስለው የቆረጠው በ45,000 ነው! ለደረሰኝ ሲሆን የባንኩ ሬት በደንብ ይታወቀዋል ማለት ነው። 9,000ው «እጅ በእጅ ነው» አለኝ። ግብር ስከፍል ያቺን 9,000 ወጪ ነው ብዬ የማሳየው በምንድነው? ትርፍ ሆና ትቆጠርብኛለች። በዶላር ዋጋ መለጠፉም በሕግ ክልክል ነው፣ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ግን ብከሰው ቀጣዩን ፊውዘር ማን ይሸጥልኛል?

ማሽኑ አሁን ይሠራል። ያቺን ልጅ 90 ገጿን በነፃ አውጥቼላታለሁ፣ ወረቀቱ ሞቆ ሲወጣ በጣቷ ደጋግማ አሸችው፣ አልለቀቀም። ከነገ ጀምሮ ግን ገጹ ላይ 1 ብር ልጨምር ነው፣ ተማሪዎቹ ለምን ሲሉኝ ምን ብዬ እንደማስረዳቸው አላውቅም።

ጅማ ውስጥ ዋጋውን በብር ጽፎ የሚለጥፍ፣ የከፈላችሁትን ሙሉውን በደረሰኝ የሚቆርጥ የማሽን መለዋወጫ ሻጭ የምታውቁ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሄርማታም ይሁን አጂፕ፣ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ። ድራሙም ሊሄድ ደርሷል።