እርማት፦ ድምሩ ከፍ ያለው ቅጥር ሁልጊዜ አይበልጥም

«አንዱ 20,000 ብር ደመወዝ፣ ሌላው 12,000 ደመወዝና 9,000 አበል ይሰጣል። 21,000ው ይበልጣል አይደል?»

በየወሩ እጅ ላይ በሚገባው ገንዘብ፣ አዎ። ግን በኢትዮጵያ የግል ድርጅት የጡረታ መዋጮ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ አበሉ አይቆጠርም። አሠሪው 11 በመቶ ሲከፍል ለመጀመሪያው 2,200፣ ለሁለተኛው 1,320 ብር ይሆናል። (ከእርስዎም 7 በመቶ ይቆረጣል።)

የትርፍ ሰዓትም እንዲሁ ነው። ደመወዙን ለወሩ 208 ሰዓት ያካፍሉት፤ በቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ሲባዛ 144 ብር በአንዱ፣ 87 ብር ያህል በሌላው ይመጣል። በወር 18 ሰዓት ከሠሩ፣ ግብርና ሌላ ተቀናሽ ሳይነሳ ሲታሰብ፣ የ1,000 ብሩ ብልጫ አለቀ። ስለዚህ ውሉ ላይ «ጠቅላላ» የሚለውን ሳይሆን «መሠረታዊ ደመወዝ» የሚለውን መስመር ይፈልጉ።