«ሌላ ሰው መርጠናል» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይቀመጥ

«ሐዋሳ አንድ ሆቴል ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። የምግብ ወጪ ለሚቆጣጠር ሰው፣ ለኮስት ኮንትሮለር ቦታ፣ አንዲት ልጅ የጽሑፍ ፈተና፣ የተግባር ፈተናና ቃለ መጠይቅ አልፋ እስከ መጨረሻው ደረሰች። በተግባር ፈተናው የሠራተኛ ምግብ ከወጪው ያልተቀነሰበትን ስህተት ከሁሉም እሷ ብቻ ናት ያገኘችው። ግን ወር መጨረሻ ላይ ኢንቬንተሪ ቆጥራ ሂሳብ ብቻዋን ዘግታ ስለማታውቅ ሌላ ልጅ ወሰድን። አለቃዬ ‹ዝም ካልን ራሷ ትረዳዋለች› ይለኛል። እኔ ደግሞ ዝም ማለቱ ደበረኝ። አጭር፣ ሰው የማይሰብር መልእክት እንዴት ልጻፍላት?»

መረዳቱንስ ትረዳዋለች። ግን የምትረዳው እናንተ ያሰባችሁትን አይደለም። ዝምታውን የምትሞላው ሁላችንም በለመድነው ነገር ነው፦ ቦታው ቀድሞ የተያዘ ነበር፣ በዘመድ ነው፣ እኛን የጠሩን ለወጉ ነው። ሲቪ ብቻ አስገብቶ ለቀረ ሰው ዝምታው ችግር የለውም፤ ማስታወቂያው ራሱ «ለፈተና የተመረጡትን ብቻ እናነጋግራለን» ብሎ ይጨርሳል። ከሥራዋ እየፈቀደች ሦስት ጊዜ የተመላለሰች ልጅ ግን ሌላ ነገር ናት። ደግሞ ሐዋሳ ብትሰፋም የሆቴል ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ማን እንደተቀጠረ ሳምንት ሳይሞላ ትሰማለች። ከእናንተ ብትሰማው አይሻልም?

አለቃሽን ግን ሰነፍ ነው ብዬ አልፈርጅም። ዝም የሚለው አስቦ ይመስለኛል። አዲሱ ልጅ የሙከራ ጊዜ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጁ ለሥራው ካልሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል፤ እሱም ካልተመቸው ጥሎ ይሄዳል። ያኔ አለቃሽ ሁለተኛ ወደወጣችው ልጅ መደወል ይፈልጋል። «አይሆንም» ካላልናት እጃችን ላይ ናት ብሎ ያስባል። ልጅቷን እንደ ስኮርታ ጎማ ከኋላ ጭኖ መሄድ ነው።

ስሌቱ ግን አይሠራም። አሥር ሳምንት ዝም የተባለ ሰው ስልክ ሲደወልለት ወይ ሌላ ሥራ ይዟል፣ ወይ በልቡ ቆርጧችኋል። ሁለተኛ መውጣቷ እውነት ከሆነ ለምን አይነገራትም? እውነቱን ካወቀች በኋላ የምትመልስላችሁ ስልክ፣ በዝምታ ከያዛችኋት ስልክ የበለጠ ዕድል አለው። ለዚህ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ከታች አለ።

መጀመሪያ ጊዜው። መልእክቱ የሚላከው የተመረጠው ልጅ ውሉን ከፈረመ በኋላ ነው። «እሺ፣ እመጣለሁ» ማለቱ አይበቃም። የሆቴል ሰው የእናንተን ደመወዝ ይዞ ሄዶ ካለበት ቤት ጭማሪ የሚጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ከፈረመ ግን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጠዋት ላኪላት። ፊርማው ከዘገየ «ውሳኔው እስከ ሰኞ ይቆያል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ዓርብ ማታ አትላኪ። ጥያቄ ቢኖራት ቅዳሜና እሁድን ብቻዋን ታስበዋለች።

አትደውዪላትም። ብዙ ሰው መደወል አክብሮት ይመስለዋል። እስቲ በእሷ ቦታ ሆነሽ አስቢው፦ ቁጥርሽ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ «ተሳካ!» ብላ ነው የምታነሳው። ከዚያ በኋላ የምትነግሪያትን ነገር በደንብ የምትሰማም አይመስለኝም፤ ድምፅዋን ለማስተካከል ነው የምትታገለው። ጻፊላት፣ ብቻዋን ታንብበው፣ ከፈለገች እሷ ትደውል።

እንግዲህ እኔ ብሆን ይህን ነበር የምልከው። ከላይ ስሟን አስገቢ፦

«ሰላም፣ ለኮስት ኮንትሮለር ቦታ ሦስቱንም ዙር ስለተፈተኑ እናመሰግናለን። ለቦታው ሌላ ሰው መርጠናል። በተግባር ፈተናው የሠራተኛ ምግብ ከወጪው እንዳልተቀነሰ ያገኙት እርስዎ ብቻ ነበሩ። የወሰነው የወር መጨረሻ ሥራ ነው፤ ቦታው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ኢንቬንተሪ ቆጥሮ ሂሳቡን ብቻውን የሚዘጋ ሰው ይፈልጋል፤ የመረጥነው ሰው ይህን በሆቴል ሠርቶታል። መጠየቅ የሚፈልጉት ካለ ሐሙስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት በዚህ ቁጥር ይደውሉልኝ።»

ከሥሩ ያንቺ ስም እንጂ «የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል» አይደለም። ክፍል አይደወልለትም።

ውሳኔው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ መሆኑን ልብ በይ። ሙገሳው ቀድሞ ቢመጣ ልጅቷ እያንዳንዱን ጥሩ ቃል «ግን» እስኪመጣ እየጠበቀች ታነበዋለች፤ ሲመጣም ሙገሳው ማባበያ ይሆናል። ውሳኔውን ካወቀች በኋላ የምታነበው ጥሩ ነገር ግን ጥሩ ነገር ነው።

ስለ ሠራተኛው ምግብ ያለውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ አትቁረጪው። አለቃሽ «ጥሩ ውጤት አስመዝግበዋል በሚል ይተካ» ሊልሽ ይችላል። እንቢ በዪው። በሙያው ላለ ሰው ነገሩ ትልቅ ነው። የምግብ ወጪ የሚሰላው ወሩ ሲጀምር ስቶር ውስጥ የነበረው ላይ ግዢው ተደምሮ፣ መጨረሻ ላይ የተቆጠረው ተቀንሶ ነው፤ ውጤቱ ለምግብ ሽያጩ ይካፈላል። እንበል ወጪው 410 ሺህ፣ ሽያጩ አንድ ሚሊዮን ብር ነው፤ 41 ከመቶ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ ሼፉ ላይ ይጮሃል። ከዚያ ውስጥ 50 ሺው ሠራተኛው የበላው ከሆነ ግን ለእንግዳ የወጣው 36 ከመቶ ብቻ ነው፤ ሼፉ በከንቱ ተጮኸበት። ልጅቷ ያየችው ይህን ነው። «ጥሩ ውጤት» ለማንም ይላካል፤ ይህ ግን ለእሷ ብቻ ነው የሚላከው። ስታነበው ወረቀቷን ሰው እንዳየው ታውቃለች። ነገ ሌላ ሆቴል ስትጠየቅም የምትናገረው ነገር ይሆናታል።

ምክንያቱን በተመለከተ አንድ መፈተኛ አለኝ፦ የመመዘኛ ቅጹ ላይ ተጽፏል? ፈታኞቹ ነጥብ የሰጡበት ነገር ከሆነ ጻፊው። ከሌለ አትፍጠሪ። «በራስ መተማመን ይጎድልዎታል» ወይም «ከቡድናችን ጋር የሚሄዱ አልመሰለንም» የሚባለው ነገር ቅጹ ላይ የለም፤ ሰውየዋን እንጂ ሥራውን አይናገርም። ክርክርም ይከፍታል። «ብቻዬን ዘግቼ አላውቅም» የሚለው ግን ልጅቷ ራሷ በቃለ መጠይቁ የተናገረችው ነው፤ ምን ትከራከርበታለች? በዚያ ላይ የሚስተካከል ነገር ነው። አሁን ባለችበት ቤት ሁለት ሦስት ወር ቆጠራውን ልያዝ ብላ መጠየቅ ትችላለች።

ስለተመረጠው ልጅ ከዚህ በላይ አትጻፊ። ስሙን፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ነጥብ እንዳገኘ አያስፈልጋትም። «ከእርስዎ የተሻለ» የሚል ቃልም አይግባ።

አንዳንዴ እውነተኛው ምክንያት የማይጻፍ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ «አዲስ ሙሽራ ናት፣ ነገ ወሊድ ትወጣለች» ብሎ ከሆነ የቀረችው፣ በጥሩ አማርኛ የሚስተካከል ነገር የለም። ችግሩ ውሳኔው ላይ ነው፤ መልእክቱ ከመጻፉ በፊት እዚያ ነው መሟገት። ቦታው ለውስጥ ሠራተኛ ከተሰጠም «ከውስጥ ሠራተኛ አሳድገናል» በዪ። መራራ ነው፣ ግን በኋላ ራሷ ከምትደርስበት ይሻላል።

«ፋይልዎን ይዘን ሌላ ጊዜ እንጠራዎታለን» የሚለውን ተዪው። ፋይሉን ማን ያወጣዋል? «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር የተሻለ ያዘጋጅልሽ» የሚለውም ከጓደኛ ሲመጣ ያጽናናል፤ በሩን ከዘጋው ሰው ሲመጣ ግን ትንሽ ይኮሰኩሳል።

አሁን የአለቃሽን ስጋት የሚመልሰው ዓረፍተ ነገር። በእውነት ሁለተኛ ከወጣችና በእርግጥ የምትደውሉላት ከሆነ ብቻ ከምክንያቱ ቀጥሎ ይህን ጨምሪ፦ «በውጤት ሁለተኛ ነበሩ። በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ቦታው ከተከፈተ መጀመሪያ የምንደውለው ለእርስዎ ነው፤ እስከዚያ ግን ሌላ ሥራ ካገኙ እኛን አይጠብቁ።» ሦስቱ ወር የሙከራውን ጊዜ ይሸፍናል። የመጨረሻው ሐረግ ከቀረ ግን ስኮርታው ተመልሶ መጣ። ይህ ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚላከው፤ ለሦስት ሰው «ሁለተኛ ነበሩ» የተባለበት ቤት ወሬው ቶሎ ይደርሳል።

ከደወለች የራሷን ነጥብ በየክፍሉ ንገሪያት፤ የሌላውን አይደለም። «እንደገና ይታይልኝ» ካለች ውሳኔው እንደማይቀየር አንዴ፣ በግልጽ በያት። «እናያለን» ካልሻት ሌላ አሥር ሳምንት ሰጠሻት። በጽሑፍ ፈተናው ለወደቁት ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ «ለቀጣዩ ዙር አላለፉም፣ እናመሰግናለን» ይበቃቸዋል።

መላኪያውን በተመለከተ፣ ለፈተና የጠራሻት በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ከሆነ በዚያው ላኪው። በኤስኤምኤስ ግን አይመችም። በላቲን ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ሆሄ ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ነው የሚይዘው፤ ከዚያ ካለፈ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ከላይ ያለው መልእክት ስሞቹ ሲጨመሩ አምስት ቦታ ይከፈላል፤ «ሌላ ሰው መርጠናል» ብቻውን ቀድሞ ደርሶ የቀረው ቢዘገይ ያስቀይማል። ከኤስኤምኤስ ሌላ መንገድ ከሌላት፣ ይህ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 68 ስለሆነ በአንዱ ይገባል፦

«ለኮስት ኮንትሮለር ቦታ ሌላ ሰው መርጠናል። ምክንያቱን ልንገርዎት፣ ሐሙስ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይደውሉልኝ።»

ሐሙስ በዚያ ሰዓት ስብሰባ እንዳትገቢ።