ከአያያዝ ይቀደዳል

ሰኞ ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት፣ ከመንገዱ ማዶ በኮንዶሚኒየማችን ምድር ቤት ላይ የተሰቀለውን አዲስ ባነር ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እዚህ ደግሞ ፎቶ ቤት ተከፈተ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የተከፈተው ፎቶ ቤት ሳይሆን የጎረቤቴ የባልትና ሱቅ ነው። ይሁን እንጂ እኒህን እናት ልፈርድባቸው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ከታክሲው መያዣ ላይ ሆኖ በዚያ ባነር ላይ የሚታየው የጎረቤቴ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እሷም ብትሆን በስልክ ተነሥታ፣ በቴሌግራም ተልካ፣ አንድ ሜትር ድረስ ተለጥጣ ስለታተመች በደመና ውስጥ ያለች ትመስላለች።

ታክሲውን ትቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመች፣ «ጋሼ፣ ባነሩ እንዴት ነው?» አለችኝ። አንድ ሰው አዲስ ቤት ሲሠራ ወይም ልጅ ሲወልድ የሚጠየቅ ዓይነት ጥያቄ ስለሆነ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ እኔም «በጣም ያምራል» አልኩ። እነሆ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይህ ውሸት ሆዴን ሲበላኝ ሰንብቷል።

በባነሩ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ለውድ ደንበኞቻችንና ለአካባቢው ነዋሪዎች በሙሉ፦ ጥራታቸውን የጠበቁ የባልትና ውጤቶች መሸጫ ሱቃችንን በዛሬው ዕለት በታላቅ ድምቀት መክፈታችንን ስንገልጽላችሁ ከፍ ያለ ደስታ ይሰማናል።» ሃያ አንድ ቃል ነው፤ ፊደሉን ቆጥሬዋለሁ፣ 94 ነው። ትናንት የተከፈተ ሱቅ «ውድ ደንበኞቻችን» የሚላቸው እነማን እንደሆኑ አልጠይቅም። «በዛሬው ዕለት» የሚለው ግን አላስተኛኝም። ባነሩ የተሰቀለው ቅዳሜ ነው፤ እሑድም ሱቁ «በዛሬው ዕለት» ተከፈተ፤ ሰኞም እንዲሁ። በሰፈራችን ካሉት ሱቆች አንዱ ሁለት ክረምት ካለፈው በኋላም አሁንም በዛሬው ዕለት እየተከፈተ ነው። ከእሱ ጎን ደግሞ «በቅርብ ቀን ይከፈታል» የሚል አለ፤ እሱም ከሁለት ክረምት ወዲህ በቅርብ ቀን ሊከፈት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሲታዩ ሰፈራችን ጊዜ የማያልፍበት ቦታ ይመስላል።

ሰው ለምን እንዲህ ያበዛል ብዬ ብዙ አስቤ የደረስኩበት ነገር፣ ጥፋቱ የአከፋፈሉ መሆኑን ነው። ባነር የሚታተመው በካሬ ሒሳብ ነው። አራት ሜትር በአንድ ሜትር ከሆነ አራት ካሬ ተከፍሎበታል፤ ሁለት ቃል ቢጻፍበትም ሁለት መቶ ቃል ቢጻፍበትም ዋጋው ያው ነው። በነጻ የተገኘ ቦታ ባዶ እንዲያድር የሚፈቅድ አንጀት ያለው ነጋዴ የት ይገኛል? በቴሌግራም ዘመን (በሽቦው ማለቴ ነው፣ የጎረቤቴን ፎቶ ባደበዘዘው አይደለም) የሚከፈለው በቃል ስለነበር፣ አባቶቻችን «እናትህ ታማለች ቶሎ ና» ብለው በአራት ቃል አንድን ሰው ከክፍለ ሀገር ያስመጡ ነበር። ዛሬ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ለመሸጥ ሃያ አንድ ቃል ይፈጃል። ማተሚያ ቤቶች ከነገ ጀምሮ በፊደል ቢያስከፍሉ የሰፈራችን አማርኛ በአንድ ሳምንት ይቀና ነበር።

እንግዲህ ወደ ልኩ ልግባ። በዚህ ሥራ ላይ የቆዩ ሰዎች የሚይዙት ቀላል ሒሳብ አለ፤ አንባቢው በሚቆምበት ርቀት ላይ ለእያንዳንዱ ሜትር ስምንት ሚሊሜትር ያህል የፊደል ቁመት ያስፈልጋል። ከታክሲው መያዣ እስከ ሱቁ ሃያ ሜትር ነው ብንል ፊደሉ ቢያንስ 16 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። የጎረቤቴ ባነር አራት ሜትር ይረዝማል፤ ከዚያ ላይ ፎቶዋ በግራ አንድ ሜትር፣ የቃሪያውና የበርበሬው ሥዕል በቀኝ አንድ ሜትር ወስደዋል፤ ለጠርዝ መታጠፊያ የሚሆነው ሲቀነስ ለጽሑፉ የተረፈው ከሁለት ሜትር በታች ነው። በዚያ ላይ 94 ፊደል በአራት መስመር ሲደረደር እያንዳንዱ ፊደል ስድስት ሴንቲሜትር ይደርሰዋል። በሒሳቡ መሠረት ስድስት ሴንቲሜትር ፊደል ደህና አድርጎ የሚነበበው ከሰባት ሜትር ተኩል ነው። በሜትር ሰፍሬ አረጋግጫለሁ፦ ያ ቦታ የአስፋልቱ መካከል ነው። ጽሑፉን አንብቦ የሚጨርስ ደንበኛ በርበሬ ሳይሆን ወጌሻ ያስፈልገዋል።

ያም ሒሳብ የወጣው ለፈረንጅ ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ነፍሱ ያለችው በጅራቱና በቀንዱ ላይ ነው፤ «ሰ» እና «ሱ»ን የሚለያቸው ከወገብ ላይ የወጣች አንዲት ጭረት ናት። ባነር የሚሠራው ልጅ ደግሞ ፊደሉን በነጭ መስመር ይከብበዋል፣ ከኋላው ጥላ ያኖርለታል፣ ቦታው እንዲሞላ ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ሲለጠጥ እግሮቹ ይወፍራሉ፣ ጭረቶቹ ግን እንደ ቀጠኑ ይቀራሉ፤ ከዚያ ከብቡና ጥላው መጥተው ይውጧቸዋል። በዚህ ምክንያት የጎረቤቴ «ሱቃችንን» ከሩቅ «ሰቃችንን» ሆኖ ይነበባል። ሰቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ከእነዚህ ልጆች ጋር የቆየ ቂም እንዳለኝ አልደብቅም። ከዓመታት በፊት እኔም አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ መጽሐፍ መሸጥ ጀምሬ ነበር። ለባነሩ «መጻሕፍት» ብዬ በእጄ ጽፌ ሰጠሁ፤ በማግስቱ ስረከብ «መፃህፍት» ሆኖ ጠበቀኝ። ለምን እንደቀየረው ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ይኼኛው ፀ ያምራል ብዬ ነው» አለኝ። ፊደል በመልኩ የሚመረጥበት አገር! የእኔ ደንበኞች ይሆናሉ ብዬ ያሰብኳቸው የአብነት ተማሪዎችና ጡረተኛ መምህራን ነበሩ፤ ከበሩ ላይ ቆመው ባነሩን ያነቡና ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። ሱቁ በስምንተኛ ወሩ ተዘጋ። ባለቤቴ የተዘጋው የቤት ኪራይ ስላልከፈልኩ ነው ትላለች። እኔ ግን በ«ፀ» ምክንያት መሆኑን እስከ ዛሬ አምናለሁ።

ከተረቶቻችን ሁሉ አብልጬ የምወደው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለውን ነው። ለባነር ታስቦ የተተረተ ይመስለኛል፤ አነጋገሩን አይተናልና አያያዙ ቀርቷል። አራት ሜትር ባነር ዙሪያውን ጠርዙ ታጥፎ፣ በየሃምሳ ሴንቲሜትሩ የብረት ቀለበት ተመቶለት፣ በእያንዳንዱ ቀለበት ከብረት ፍሬም ጋር መታሰር ይገባዋል። የጎረቤቴ ባነር የታሰረው በአራት ማዕዘኑ ብቻ ነው፤ እሱም በልብስ ማስጫ ገመድ። መካከሉ እንደ ሸክም ረግቦ፣ ነፋስ ሲገባበት እንደ ሸራ ይነፋና ኃይሉ በሙሉ በአራቱ ማዕዘኖች ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ መቀደድ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰቃዩ ይህን ሲያይ መፍትሔ አበጀ፤ በምላጭ መካከሉን በጨረቃ ቅርጽ ነፋስ ማሳለፊያ ቀደደለት። ነፋሱ ብዙም አልቀነሰም። ቅዱ ግን ከታች ባለው ስልክ ቁጥር ላይ ስላረፈ አሁን የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች እንደ ምላስ ወደ ውጭ ተንጠልጥለዋል።

ይህም ሁሉ ሳይቀደድ ቢቆይ ፀሐይ አለች። ርካሽ ቀለም በፀሐይ ሲመታ ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይሸሹና ሰማያዊው ብቻውን ይቀራል። ባነሩ እንደ ጎረቤቱ ሁለት ክረምት ከከረመ የጎረቤቴ በርበሬ ሰማያዊ ይሆናል ማለት ነው። ሰማያዊ በርበሬ «ጥራቱን የጠበቀ» ነው ብሎ የሚምል ባነር ለማየት ዕድሜ ይስጠኝ።

ማክሰኞ ማታ አላስችል ቢለኝ ወረቀት አውጥቼ ባነሩን እንደገና ሠራሁት። በዚያው አራት ሜትር በአንድ ሜትር፣ ከላይና ከታች አሥር አሥር ሴንቲሜትር ባዶ ተትቶ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ «ባልትና ተከፈተ» ብቻ። ስምንት ፊደል ነው፤ በ35 ሴንቲሜትር ቁመት ሳይለጠጥ በምቾት ይቀመጣል፤ ከታክሲው መያዣ አይደለም፣ ከዚያም አልፎ ከሚያልፍ አውቶቡስ ይነበባል። አሥር ሴንቲሜትር ክፍተት፤ ቀጥሎ «በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቅመም» በ20 ሴንቲሜትር፣ ይህም ማዶ ለቆመ ሰው ይበቃዋል። ሰባት ሴንቲሜትር ክፍተት፤ ከታች በስምንት ሴንቲሜትር «የድግስ ትዕዛዝ እንቀበላለን» የሚልና ስልክ ቁጥሩ፣ በሩ አጠገብ ለደረሰ ሰው። ሱቁ ፊት ቆሞ ወደ ሱቁ የሚደውል ሰው ባይኖርም፣ ለሠርግ በርበሬ የሚያስፈጭ ሰው ቁጥሩን ይዞ ይሄዳልና ይቅር አላልኩም። ጥቁር ፊደል በቢጫ ላይ፤ ጥላ የለ፣ ከብብ የለ፣ ፎቶ የለ። ሱቁ ከተለመደ በኋላ «ተከፈተ» የሚለው ባነር የሚወርድበትን ቀንም በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፍኩላት፦ ከአንድ ወር በኋላ።

ረቡዕ ጠዋት ወሰድኩላት። በአክብሮት ተቀበለችኝ፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርባ አየችው፤ ገልብጣም አየችው።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ሌላው ጽሑፍ የት ሄደ?»

«የትኛው?»

«ያ ደስታ ይሰማናል የሚለው።»

ደስታው ከፊትሽ ይታያል፣ መጻፍ አያስፈልገውም አልኳት። ሳቀች፤ ግን አላመነችኝም። «ሰው ሲያየው ንፉግ ነች ይለኛል፤ ይህን ያህል ቦታ ባዶ ትቼ» አለችኝ። ስለ ባዶው ቦታ ጥቅም ላስረዳት አፌን ስከፍት ደንበኛ ገባ፤ እኔም ባዶ እጄን መውጣት ስላሳፈረኝ ግማሽ ኪሎ በርበሬ አስመዘንኩ። ኪሴን ብዳብስ ቦርሳዬን ቤት ረስቼዋለሁ።

«ምን ችግር አለ ጋሼ፣ በኋላ ያመጣሉ» አለችና እስክሪብቶ ፈልጋ፣ ከሠራሁላት ባነር ጀርባ ላይ በትልልቅና በጣም ግልጽ በሆነ ፊደል «ጋሼ፣ ግማሽ ኪሎ በርበሬ፣ ዱቤ» ብላ ጽፋ ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ከበሩ ላይ ሆኜ ዞር ብዬ አየሁት፤ ያለ ምንም ችግር ይነበባል።